የዋጋ ኢንዴክስ እንዴት ይሠራል?



የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሸማቾችን ዋጋ ኢንዴክስ ሲያዘጋጅ፣ አስቀድሞ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን ለምን ለምን እንደሚያወጡ በጥናት ይጠይቃል። ብዙ ወጪ የሚጠይቁትን ዕቃዎች በአንድ «ቅርጫት» ሰብስቦ ለእያንዳንዱ እንደ ወጪው ድርሻ ክብደት ይሰጠዋል። ከዚያም ሠራተኞቹ በየወሩ ገበያ እየወጡ የእነዚያኑ ዕቃዎች ዋጋ በዚያው ልክ ይመዘግባሉ።

ቅርጫታችን ከ100 ብር ወጪ 30 ብሩን ለዱቄት፣ 1 ብሩን ለጨው ይሰጣል እንበል። የጨው ዋጋ እጥፍ ቢሆን ኢንዴክሱ ከ100 ወደ 101 ብቻ ይወጣል። የዱቄት ዋጋ ግን 10 በመቶ ቢጨምር 103 ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ቍጥሩ አማካይ ነው። በሰመራ ለዱቄት 30 ብር የሚያወጣ ቤተሰብ 3 ብር ሲጨምር፣ በአዋሽ 60 ብር የሚያወጣው 6 ብር ይጨምራል። ስለዚህ ኢንዴክሱን ስናነብ የራሳችንንም ቅርጫት እንመዝን።