የአንድ ትልቅ ኩባንያ ገቢ ከየትኛው ክፍሉ ይመነጫል?



በጅግጅጋ ከተማ ሦስት ዐይነት ሥራ የሚሠራ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ከቶጎ ውጫሌ የሚመጣ ጨርቅ ይሸጣል፤ አንድ የጭነት መኪና አለው፤ በሱቁም ጥግ የሐዋላ ሥራ ያካሂዳል። የሦስቱም ገንዘብ የሚገባው በአንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ሣጥኑን ይቈጥርና መቶ ብር ገብቶ ዘጠና አምስት ብር እንደ ወጣ፥ አምስት ብር እንደ ተረፈውም ያያል። «ንግዱ ደኅና ነው» ይላል። ነገር ግን ከሦስቱ ሥራዎቹ የትኛው እንደሚያኖረው ቢጠየቅ ሣጥኑ መልስ አይሰጠውም።

ስለዚህ ደብተሩን በሦስት ይከፍለዋል። ከመቶው ብር ስድሳው ከጨርቅ፥ ሠላሳው ከመኪና፥ ዐሥሩ ከሐዋላ የገባ ሆኖ ይገኛል። ለጨርቁ ኀምሳ ሰባት ብር ወጥቷልና ሦስት ብር ተርፏል። ለመኪናው ነዳጅ፥ ጎማና ጥገና ሠላሳ አራት ብር ወጥቷልና አራት ብር ከስሯል። ለሐዋላው የወጣው አራት ብር ብቻ በመሆኑ ስድስት ብር ተርፏል። እንግዲህ በገቢ ከሁሉ ያነሰው ክፍል በትርፍ ከሁሉ የበለጠ ነው ማለት ነው። የትልቅ ኩባንያን ገቢ በክፍል በክፍል ለይቶ መመልከት የሚባለውም ይኸው ነው፤ የሚለየው በቍጥሩ ብዛት ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ለሀገራችን ነጋዴ ከራሱ ሱቅ ያለፈ ትርጕም አግኝቷል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ። በጥቅምት ወር 2024 ኢትዮ ቴሌኮም ከጠቅላላው ድርሻው ዐሥር በመቶ የሚሆነውን፥ ይኸውም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፥ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። አንድ ሰው ቢያንስ 33 አክሲዮን መግዛት ነበረበት። በጥር ወር 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ። እንግዲህ የራሱን ሣጥን ብቻ ያውቅ የነበረ የጅግጅጋ ወይም የቀብሪ በያህ ነጋዴ የሌላ ድርጅት ሣጥን ባለድርሻ የሚሆንበት መንገድ ተከፍቷል። ባለድርሻ ሊሆን የሚያስብ ሰው ደግሞ የጠቅላላውን ገቢ መጠን መስማት አይበቃውም።

አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ሒሳባቸውን በክፍል ለይተው እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ደንብ ከ2009 ጀምሮ ይሠራል። በደንቡ መሠረት ከጠቅላላው ገቢ፥ ትርፍ ወይም ንብረት ዐሥር በመቶ ያህል የያዘ ክፍል ለብቻው መታየት አለበት። ይህም ዝርዝር የሚገኘው በሪፖርቱ ፊት በሚያጌጡት ገጾች አይደለም፤ ከዋናው የሒሳብ ሰንጠረዥ ኋላ በተጻፉት ማብራሪያዎች ውስጥ ነው። አንባቢው በመጀመሪያ የሚከፍተው ይህን ገጽ ሊሆን ይገባል።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ሒሳብ እንለፍ። በነሐሴ 2022 በድሬዳዋ የኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው ሳፋሪኮም በኬንያ ትልቅ የስልክ ኩባንያ ነው። አክሲዮኑ በናይሮቢ ገበያ ስለሚሸጥ ሒሳቡን ማንም ሊያነበው ይችላል። የሒሳብ ዓመቱ የሚዘጋው በመጋቢት መጨረሻ ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው በስልክ ንግግር ነጋዴነቱ ነው፤ በ2007 የጀመረው ኤምፔሳ የተባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ በስልኩ ላይ የተጨመረ አገልግሎት ይመስል ነበር። እስቲ የሁለቱን ገቢ ለሦስት ዓመታት ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

በ2020 በተዘጋው ዓመት ከድምፅ ንግግር የተገኘው 86.5 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ፥ ከኤምፔሳ የተገኘው 84.4 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2021 ሁለቱም 82.6 ቢሊዮን ገደማ ደርሰው ለጥቂት ተስተካከሉ። በ2022 ድምፁ 83.2 ቢሊዮን ላይ ሲቆም ኤምፔሳ ወደ 107.7 ቢሊዮን ወጣ፤ ይህም ከጠቅላላው የአገልግሎት ገቢ ከመቶ ሠላሳ ስምንት እጅ ማለት ነው። የስልክ ነጋዴ ይባል የነበረው ድርጅት ከማንኛውም አገልግሎቱ ይልቅ ከገንዘብ ማስተላለፍ የሚገኘው ገቢ የበለጠበት ሆነ።

ችኩል አንባቢ ከዚህ ሌላ መደምደሚያ ሊያወጣ ይችላል። ከ82.6 ወደ 107.7 ማደግ በአንድ ዓመት ሠላሳ በመቶ ነውና «ይህ ክፍል በየዓመቱ በሲሶ ያህል ይጨምራል» ይል ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። በመጋቢት 2020 የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የጥሬ ገንዘብ ንክኪ እንዲቀንስ ሲባል በኬንያ እስከ አንድ ሺህ ሽልንግ የሚደርስ ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው ያለ ክፍያ እንዲላክ ተደረገ፤ ይህም እስከ ታኅሣሥ 2020 መጨረሻ ቆየ። ስለዚህ በ2021 በተዘጋው ዓመት የኤምፔሳ ገቢ የቀነሰው ሥራው ቀዝቅዞ ሳይሆን ዋጋው ተነሥቶለት ነው። የ2022ቱ ዝላይም በከፊል የዚያው ዋጋ መመለስ ነው። እውነተኛውን ፍጥነት ለማወቅ የታመመውን ዓመት ዘልሎ 2020ን ከ2022 ጋር ማስተያየት ይገባል። ከ84.4 ወደ 107.7 በሁለት ዓመት ሃያ ስምንት በመቶ ያህል ነው፤ በየዓመቱ ሲከፈል ዐሥራ ሦስት በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ደኅና ዕድገት ነው፤ ነገር ግን ሠላሳ አይደለም። ሠላሳውን አምኖ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ለማይመጣ ገንዘብ ዋጋ ይከፍላል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገቢ ነው። ገቢ ግን ትርፍ አይደለም። ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በግልጽ ያሳያል። በ2023 ኩባንያው 575 ቢሊዮን ዶላር ያህል አስገብቷል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውም በዕቃ ሻጭነቱ ነው። ለሌሎች ድርጅቶች ኮምፒውተር የሚያከራየው ክፍሉ ያስገባው 91 ቢሊዮን ገደማ ነበር፤ ይህም ከመቶ ዐሥራ ስድስት እጅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያው ከሥራው ካተረፈው 37 ቢሊዮን ያህል ዶላር 25 ቢሊዮን የሚጠጋው የመጣው ከዚሁ ክፍል ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለው የዕቃ ንግድ ግን 131 ቢሊዮን አስገብቶ ሳለ ከስሯል። የጅግጅጋው ነጋዴያችን ጨርቅና ሐዋላ በሌላ መጠን እነሆ ተደገመ።

አማዞን የየክፍሉን ትርፍ ለይቶ ስለሚያሳይ ይህን ለማለት ተችሏል። የሳፋሪኮም ሒሳብ ደግሞ ኬንያንና ኢትዮጵያን ከነትርፍና ከነኪሳራቸው ለይቶ ያሳያል። በዚህም ኬንያ ያተረፈውን የኢትዮጵያው ክፍል የጅማሬ ወጪ እንደ ቀነሰው ለማየት ይቻላል። የድምፅንና የኤምፔሳን ነገር ግን የሚለየው በገቢ ነው። ስለዚህ «ከኤምፔሳ ብዙ ገቢ ይገኛል» ማለት ይቻላል፤ «ኤምፔሳ ይህን ያህል አተረፈ» ለማለት ግን የገቢው ዝርዝር ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱም አንዱ የስልክ ምሰሶ ንግግሩንም፥ ኢንተርኔቱንም፥ የገንዘቡንም መልእክት ይሸከማል። የምሰሶው ወጪ በማን ላይ ይጻፍ? መልሱ የሒሳብ ሠራተኛው ፍርድ ነው፤ ፍርዱም ሲለወጥ ትርፉ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል።

ይህን ለመረዳት ወደ ነጋዴያችን መኪና እንመለስ። መኪናው አራት ብር ከስሯልና ይሸጥ የሚል ምክር ቢቀርብ ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን መኪናው የነጋዴውን የራሱን ጨርቅ ያለ ኪራይ ሲያመላልስ ከርሞ እንደሆነስ? ለዚያ አገልግሎት አምስት ብር በደብተሩ ላይ ቢያስከፍል መኪናው አንድ ብር አትራፊ፥ ጨርቁ ሁለት ብር ከሳሪ ይሆናል። ጠቅላላው ትርፍ አሁንም አምስት ብር ነው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ። ስለዚህ አንድ ክፍል ለሌላው ክፍል የሰጠው አገልግሎት በስንት ዋጋ እንደ ተቈጠረ፥ ወይም ጭራሽ እንዳልተቈጠረ፥ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥሩ ሪፖርት ይህን ለብቻው መስመር ሰጥቶ ይጽፈዋል።

ለዚህም ምሳሌው ከደጃችን ነው። በሐርጌሳ የሚገኘው ቴሌሶም ዛድ የተባለውን የስልክ ገንዘብ በ2009 ሲያቋቁም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለመላክ ዋጋ አልጠየቀም። እንዲህ ያለ አገልግሎት በገቢ ዝርዝር ውስጥ ባዶ መስመር ይሆናል። ነገር ግን ሕዝቡ የንግግር ሒሳቡን በዚያው በዛድ ይገዛ ስለ ነበር ኩባንያው ለካርድ ማሳተሚያና ለቸርቻሪ የሚከፍለው ቀነሰለት፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ ኩባንያ ለመሄድ ምክንያት አጣ። ጥቅሙ የተጻፈው በዛድ ስም ሳይሆን በንግግሩ ስም ነው። ባዶውን መስመር ብቻ ያየ ሰው ሌላውን ሁሉ የሚያቆመውን ምሰሶ ንቀል ብሎ ሊመክር ይችላል።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ስለ ክፍሎቹ ወሰን ነው። ኩባንያ የክፍሎቹን አከፋፈል በፈቀደው ጊዜ ሊለውጥ ይችላል፤ የደከመውንም ክፍል ከበረታው ጋር ቢያዋሕድ ድካሙ ይሰወራል። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በዘንድሮው ሪፖርት ውስጥ ለንጽጽር የተጻፈውን ያለፈውን ዓመት ቍጥር ያለፈው ዓመት ሪፖርት ራሱ ከጻፈው ጋር ማመሳከር ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ወሰኑ ተነክቷልና ምክንያቱን በማብራሪያው መፈለግ ይገባል። «ሌሎች» የሚለው መስመር ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ከሄደም እንዲሁ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ አንባብያን፥ ኢትዮ ቴሌኮምም ገቢው ከድምፅ፥ ከኢንተርኔት፥ ከውጭ ሀገር ጥሪና ከሌሎችም አገልግሎቶች በመቶ ስንት ስንት እንደ ተገኘ በየጊዜው ያስታውቃል። ያ ዝርዝር በእጃችሁ ሲገባ ሦስቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተላቸው ጠይቁት፤ ብዙ ያስገባው የትኛው ነው? ከወጪው በኋላ ያስቀረውስ የትኛው ነው? የአንዱን ጭነት ያለ ኪራይ የተሸከመውስ የትኛው ነው? ለመጀመሪያው ብቻ መልስ የሚሰጥ ሪፖርት የቀረበለት ሰው የተከፈተለት ሣጥኑ ነው እንጂ ደብተሩ አይደለም፤ ገንዘቡንም ከማውጣቱ በፊት ደብተሩን የመጠየቅ መብት አለው።