“የት አደረስሽው?” ከማለታችን በፊት
በማኅበራችን የሒሳብ ሠራተኛ ለአባላትና ለደጋፊዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ “ሒሳብ ስናስታርቅ አንድ መረጃ ቢጎድለን፣ መረጃው በእጇ ያለውን የሥራ ባልደረባችንን እንዴት እንጠይቃት?” የሚል ነው።

በየቡድናችን ያለችው ገንዘብ ያዥ ጎረቤታችን ናት፤ ዕድራችንም አንድ ነው፣ ልጆቻችንም አንድ ላይ ይማራሉ። በስብሰባ መካከል “ይህ ገንዘብ የት ደረሰ?” ከተባለች፣ ሳይመሽ ሰፈሩ “ገንዘብ ጎደለባት” ይላል። በማግስቱ ሒሳቡ ቢገጥም እንኳ ወሬው አይመለስም። በሌላ በኩል ደግሞ ይሉኝታ ይዞን ሳንጠይቅ ብናልፍ፣ የምናልፈው የአባላትን ቁጠባ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የግድ ነው፤ እንዴት እንደምንጠይቅ ግን አንድ ምሳሌ ይዘን እንየው። ምሳሌውን ለዛሬ ብዬ ያዘጋጀሁት ስለሆነ “ይቺ ማን ናት?” ብላችሁ አትፈልጉ።

የጥር ወር ሒሳብ ይዘጋል እንበል። ከቡድኖቹ የምንሰበስበው ቁጠባና የብድር ተመላሽ ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ከዚያም አንድ ሳንቲም ወጪ ሳይሆንበት ሙሉው ባንክ ይገባል። በጥር ወር የተቆረጡት ደረሰኞች ሲደመሩ 39,650 ብር ሆኑ። ባንክ የገባው 36,900 ብር ነው፤ በካዝና የተቆጠረው የመጨረሻው ቀን ገንዘብ ደግሞ 1,500 ብር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ 38,400 ብር ይሆናሉ። ልዩነቱ 1,250 ብር ነው።

በዚህ ሰዓት ገንዘብ ያዥዋን ጠርተን “1,250 ብር ጎድሏል” ብንላት ምን ልትመልስ ትችላለች? ወሩን ሙሉ ያደረገችውን ሁሉ እንድታስታውስ ነው የጠየቅናት። ልትመልሰው የማትችለው ጥያቄ ነው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ደግሞ እንደ ክስ ይሰማል። ስለዚህ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ልዩነቱን በራሳችን ወረቀት ላይ የምንችለውን ያህል እናጠባለን።

መጀመሪያ ድምሩን እንደገና እንሠራለን። ቀጥሎ ልዩነቱ ለ9 ይካፈል እንደሆነ እናያለን። 450 ለማለት 540 ብንጽፍ ልዩነቱ 90 ይመጣል፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። 1,250 ለ9 ስለማይካፈል እንዲህ ያለ አንድ ስሕተት ብቻውን ይህን ልዩነት አያመጣም። ከዚያ እያንዳንዱን የባንክ ስሊፕ ከሚወክላቸው ደረሰኞች ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጣለን። በምሳሌያችን ሌሎቹ ሁሉ ገጠሙ፤ ጥር 22 ቀን የገባው ብቻ አልገጠመም። በዚያ ቀን ከ0321 እስከ 0330 ያሉት አሥር ደረሰኞች ድምራቸው 9,800 ብር ነው፤ ስሊፑ ላይ ያለው ግን 8,550 ብር ነው። ከአሥሩ አንዱ፣ ቁጥር 0327፣ ልክ የ1,250 ብር ነው።

መጠኑ ስለተመሳሰለ ብቻ ነገሩ እሱ ነው ብለን መደምደም የለብንም። ሁለት ወይም ሦስት ደረሰኞች ተደምረው ያንኑ ሊሰጡ ይችላሉ። አሁን ግን የምንጠይቀው ስለ አንድ ወር ሳይሆን ስለ አንድ ቀን፣ ስለ 40 ወረቀት ሳይሆን ስለ አንድ ወረቀት ነው። ይህን የመሰለ ጥያቄ ሰው ደረሰኝ ጥራዙን ገልጦ ሊመልሰው ይችላል።

አሁን ወደ አነጋገሩ እንምጣ። በአማርኛችን ክሱ ብዙ ጊዜ የሚገባው በግሡ ላይ ነው። “ስሊፑን አላመጣሽልኝም” ስንል ጥፋቱ “አንቺ” ላይ አርፏል። “ስሊፑ እኔ ጋ አልደረሰም” ስንል ግን የተናገርነው የምናውቀውን ብቻ ነው። አለማምጣቷን አናውቅም፤ አለመድረሱን ግን እናውቃለን። “ጎደለ” ከማለት “አልገጠመልኝም” ማለትም እንደዚሁ ነው፤ ገንዘቡ መጉደሉ ገና አልተረጋገጠማ። “ለምን” የምትለዋ ቃል ደግሞ ምክንያት ሳይሆን ሰበብ የምታስፈልግ ይመስላል። በእሷ ፈንታ “መቼ”፣ “የትኛው”፣ “በምን መልክ” ብንል የሚመጣው መልስ ቀን፣ ቁጥርና ወረቀት ይሆናል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓመት ሙሉ “አንቺ” ስንላት የኖርነውን ሴት በዚያን ቀን ድንገት “እርስዎ” ብንላት፣ ቃሉ አክብሮት ቢሆንም ጆሮዋ የሚሰማው መራቅን ነው። እንደ ወትሮው እንጥራት።

ለምሳሌያችን የሚሆነው ጥያቄ ይህ ነው፦

“እትዬ፣ የጥርን ሒሳብ እያስታረቅሁ ነው። የጥር 22 ስሊፕ 8,550 ብር ይላል፤ ከ0321 እስከ 0330 ያሉት ደረሰኞች ደግሞ 9,800 ሆኑብኝ። ሌሎቹ ቀናት ገጥመዋል። የ0327 ደረሰኝ ገንዘብ በምን መልክ እንደገባ ከቀሪው ላይ ብታይልኝ? ሪፖርቱ ዓርብ ለቦርድ ስለሚቀርብ እስከ ሐሙስ ጠዋት ባገኘው ይበቃኛል።”

አራት ነገሮች አሉበት። የያዝነው ምን እንደሆነ ተነግሯል፤ ስለዚህ እያጠመድናት እንዳልሆነ ታያለች። የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ለምን እንደፈለግነው ታውቋል። መቼ እንደምንፈልገውም ቀን ተቆርጦለታል። ብዙዎቻችን ለማለስለስ ብለን “ሲመችሽ፣ ምናልባት ካስታወስሽ” እንልና ቀኑን እንተወዋለን። ቀን የሌለው ጥያቄ ይረሳል፤ ሲረሳ እኛ እንቆጣለን፤ ያኔ የለሰለሰው ሁሉ ይበላሻል።

የተውነውንም ልብ በሉ። “ባንክ ሳታስገቢው ቀርተሽ ይሆን?” አላልንም። እንዲሁም “ቡድኑ ራሱ ባንክ አስገብቶት ይሆን?” አላልንም። ሁለተኛው ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን በአፏ ማጉረስ ነው። የደከማት ሰው “አዎ፣ እንደዚያ ይመስለኛል” ትላለች፤ እኛም ምንም አዲስ ነገር ሳናውቅ እንመለሳለን። የሚደብቅ ሰው ቢኖር ደግሞ ማምለጫውን ሰጠነው። ጥያቄው ትሑት ይሁን እንጂ መልሱን አያቀብል።

በምሳሌያችን ገንዘብ ያዥዋ ጥራዙን ገለጠች። ከ0327 ቀሪ ጋር የባንክ ስሊፕ ተያይዟል። ቡድኑ ገንዘቡን በእጅ አላመጣም፤ ራሱ ባንክ ሄዶ አስገብቶ ስሊፑን አመጣላት፤ እሷም ደረሰኝ ቆረጠች። ስሊፑ ላይ ያለው የሒሳብ ቁጥር ግን የቁጠባው አይደለም፤ ደጋፊዎቻችን ለሥልጠና ሥራ የሚልኩት ገንዘብ የሚገባበት የፕሮጀክቱ ሒሳብ ነው። ቡድኑ ከዚህ በፊት ከሥልጠና የተረፈ ገንዘብ ሲመልስ የተጻፈለትን ቁጥር ይዞ ኖሯል። የፕሮጀክቱ የባንክ መግለጫ ገና ስላልመጣ በእኛ ወረቀት ላይ ሊታይ አይችልም ነበር።

እንግዲህ “ገንዘቡን ለምን ባንክ አላስገባሽም?” ብለን ቢሆን ኖሮ፣ ያልነካችውን ጥሬ ገንዘብ ነበር የምንጠይቃት። “በምን መልክ ገባ?” የሚለው ጥያቄ ግን በቀጥታ ወደ ስሊፑ አደረሰን። ቀሪው ሥራ ግልጽ ነው፦ 1,250 ብሩ ከፕሮጀክቱ ወደ ቁጠባው ሒሳብ ይዛወራል፤ የስሊፑ ኮፒ ከማዛወሪያው ደብዳቤ ጋር ይያያዛል፤ ለቡድኖቹም ትክክለኛው ቁጥር በካርድ ተጽፎ ይሰጣል። ይህ ባይገኝ ኖሮ ለደጋፊዎች በምናቀርበው ሪፖርት ውስጥ ምንጩ ያልታወቀ 1,250 ብር ይታይ ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ በቶሎ አይገኝም። “አላስታውስም” ብትል እሱም መልስ ነው። ያን ጊዜ “እንግዲያው ጥራዙን አብረን እንየው” ብለን አጠገቧ መቀመጥ ነው። ሐሙስ አልፎ ዝም ካለች፣ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል እንደግማለን፤ “ባለፈው ጠይቄሽ ነበር” የሚል መግቢያ አንጨምርበትም። የመጀመሪያውንም ሆነ ይህንን የምናደርገው ለብቻዋ ነው፤ ለሊቀመንበሯ ግልባጭ አይደረግም። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ግልባጭ ማድረግ ምስክር እንደ መጥራት ነውና። ሁለተኛውም ካልተመለሰ በጽሑፍ፣ በግልባጭ እንጠይቃለን፤ ይህን እንደምናደርግም አስቀድመን እንነግራታለን።

እስከዚያ ድረስ ግን ልዩነቱ ከወረቀቱ አይጠፋም። በባንክ ማስታረቂያው ላይ “1,250 ብር፣ ደረሰኝ 0327፣ በመጣራት ላይ” ተብሎ ይጻፋል። በመልካም ቃል መጠየቅ ማለት ልዩነቱን መሸፈን አይደለም። በግምት መሙላት፣ ከኪስ አውጥቶ መተካት፣ “በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል” ማለት ለገንዘብ ያዥዋም አይጠቅማትም፤ እውነቱ ሲገኝ ንጽሕናዋን የሚያሳየው ወረቀት ያ ያልተዘጋ መስመር ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከየቡድኑ አንድ ያልገጠመ ሒሳብ ይዛችሁ እንድትመጡ እጠይቃለሁ። የሰው ስም አትጻፉበት፤ ቀኑን፣ የደረሰኙን ቁጥርና መጠኑን ብቻ ጻፉ። ጥያቄውን እዚሁ አብረን እናዘጋጃለን።