የነጋዴው ደብተር

መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። የኳስ ውርርዱን ሁሉ በዱቤ ደብተሩ ጀርባ ይጽፋል። ሁልጊዜ 100 ብር፣ ሁልጊዜ ኦድ 2 ነው፤ ሲያሸንፍ 100 ያተርፋል፣ ሲሸነፍ 100 ይከስራል።

ከመጀመሪያዎቹ 25 ውርርዶች 15ቱን አሸነፈ። 500 ብር ትርፍ! ኳስ አዋቂ ነኝ አለ። መጻፉን ግን አላቆመም። 400 ሲሞላ ደመረው፦ 188 ድል፣ 212 ሽንፈት፣ 2,400 ብር ኪሳራ። ለአንድ ውርርድ ሲካፈል 6 ብር ነው።

ይህቺን 6 ብር እስከዚያ የሸፈነበት ቫሪያንስ የሚባለው የዕድል መዋዠቅ ነው። በ25 ውርርድ ኪሳራው በአማካይ 150 ብር ሲሆን፣ ዕድል ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 500 ብር ያህል ትወዛወዛለች። ስለዚህ ያ ትርፍ ችሎታን አያሳይም። ውርርዱ 16 እጥፍ ሲሆን ኪሳራውም 16 እጥፍ ያድጋል፤ የዕድል ውዝዋዜ ግን 4 እጥፍ ብቻ፣ ወደ 2,000 ብር። እርግጠኛ ለመሆን 400ም ገና ጥቂት ነው፤ ኪሳራው ግን መታየት ጀምሯል።

የምትወራረዱ ካላችሁ፣ የተሸነፋችሁበትንም ሳትዘሉ ጻፉ፤ በጥቂት ሳምንት ትርፍም ብሩን አታሳድጉ።