አስር መስመር መንዙማ ከልጆች ጋር

(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

 

በቅዳሜው የመድረሳ ክፍላችን ልጆቹ መንዙማ ሲያዜሙ የሰማችሁ አንዳንዶቻችሁ «ይህን ማን ገጠመላቸው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የገጠሙት እነርሱ ናቸው፤ እኔ ያዝኩላቸው እንጂ። ዛሬ እንዴት እንደተገጠመ ላጫውታችሁ፤ ቤታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ብትሞክሩት ይሆናል።

መንዙማ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እንደ ዶቃ በሥርዓት የተሰካካ ማለት ነው። እነ ሸህ ጦልሐ ጃዕፈርን የመሳሰሉት የወሎ ሸሆች በአማርኛ እየገጠሙ በዐረብ ፊደል ጽፈውታል። የእነርሱ ረጅም ነው፣ ዕውቀቱም ጥልቅ ነው። የእኛ ግን ለዘጠኝና ለአስር ዓመት ልጅ ነው፤ ከአዝማቹ ጋር አስር መስመር ብቻ።

መጀመሪያ የወሰንነው ስለ ምን እንደምናወድስ ነው። «ነቢያችንን» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ልጅ ብርሃንና ጨረቃ እያለ ይደረድርና ምንም ሳይናገር ይጨርሳል። ስለዚህ ከሲራው አንዲት ቁራጭ ያዝን፦ የነቢያችንን ﷺ የቲምነትና በረካን፣ ኡሙ አይመን የምንላትን የሐበሻ ሴት። እናታቸው አሚና አብዋ ላይ ስትሞት ልጁን ይዛ ወደ መካ የመለሰቻቸው እርሷ ናት፤ ካደጉም በኋላ እናቴ ይሏት ነበር። ክፍላችን ውስጥ አባት የሌላቸው ልጆች አሉ። የቲም የሚለው ቃል ሲጠራ አንገታቸውን የሚደፉ ነበሩ፤ በውዳሴ መካከል ሲሰሙት ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለው፤ ግጥሙ ስለ ነቢ ይሁን እንጂ ልጁን በጣት እንዳያስጠቁም። «እንደ እገሌ» የሚል ነገር አይገባም።

ቀጥሎ ልኩ ነው። የያዝነው የወል ቤት የሚባለውን ነው፤ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ቀለም አለ። ለልጅ ይህን በቃል ማስረዳት አያስፈልግም፤ በጭብጨባ ይገባዋል። ሰ፣ ላት፣ በ፣ ነ፣ ቢ፣ ላይ፦ ስድስት ጭብጨባ፣ ትንሽ ማረፍ፣ ከዚያ ሌላ ስድስት። የሚቆጠረው ደግሞ እንደሚነገረው እንጂ እንደሚጻፈው አይደለም። «በአላህ ስም እንጀምር» ፊደሉን ተከትለው ቢሉት ሰባት ይመጣል፤ አፍ ግን «ባላህ» ነው የሚለው፣ ስድስት ይሆናል። እኛም እንደሚባለው ጻፍነው።

አሁን አንዱን መስመር እንዴት እንደሠራነው ላሳያችሁ። አንድ ልጅ ያመጣው እንዲህ የሚል ነበር፦ «አባታቸውን ሳያዩ ነው፣ ነቢያችን የተወለዱት»። እውነት ነው፣ ያምራልም፤ ግን ወሬ እንጂ ግጥም አልሆነም። ሲያጨበጭቡ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነ። ምን ይነሣለት ብለን ተጠያየቅን። «ነቢያችን» ይውጣ፣ አዝማቹ አስቀድሞ ጠርቷቸዋል አለች አንዷ። «አባታቸውን» የሚለው «አባት» ቢባልም ይገባል። «የተወለዱት» ረጅም ነው፣ «ዱንያ ላይ የመጡ» ይሁን ተባለ። መጨረሻው «ጡ» ሲሆን ቀጣዩ መስመር ራሱ መጣ፤ እናት ማጣት ነበርና የሚከተለው፣ «ያጡ» ቤቱን መታ።

ቤት መምታት ግን ያታልላል። ስለ በረካ ስንገጥም «እጅ የያዘቻቸው» ካልን በኋላ አንዱ «ሌላ ሰው የላቸው» ብሎ ጮኸ። ስድስት ነው፣ ቤትም ይመታል፣ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ሆኖም እውነት አይደለም። አያታቸው ዐብዱል ሙጠሊብ ነበሩ፤ እርሳቸው ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ሲሞቱ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከቧቸው። ስለዚህ ጣልነው። ልጁ አኩርፎ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ዛሬ ከእኔ በተሻለ ያስረዳል። ለዚህ ነው መስመር ሁሉ ሁለት ጊዜ የሚጠየቀው፦ ይጨበጨባል ወይ? ሆኗል ወይ?

ያለቀው ይኸውላችሁ።

አዝማች፦
ሰላት በነቢ ላይ፣ ሰላም በነቢ ላይ፣
ለየቲም ልጅ ጥላ፣ ለጨለማ ፀሐይ።

ባላህ ስም እንጀምር፣ ባዛኙ በጌታ፣
ፊደል ባስቆጠረን፣ በጠዋት በማታ።

አባት ሳያዩ ነው፣ ዱንያ ላይ የመጡ፣
በስድስት ዓመት ላይ፣ እናትንም ያጡ።

በረካ ናት ያኔ፣ እጅ የያዘቻቸው፣
የሐበሻ ልጅ ናት፣ እናት ሆነቻቸው።

ለየቲሙ ሁሉ፣ እዘንለት ያረብ፣
ለኛም ዕውቀት ስጠን፣ ኪታቡን ከነአደብ።

አካሄዱ የታወቀው ነው፤ በአላህ ስም ይከፈታል፣ ሰለዋቱ በአዝማቹ ይመላለሳል፣ በዱዓ ይዘጋል። አንድ ልጅ ሁለቱን መስመር ያወጣል፣ ክፍሉ አዝማቹን ይቀበላል። የፈራ ልጅ ተቀባይ ሆኖ ይጀምራል፤ ሳምንት ቆይቶ ራሱ ማውጣት ይጠይቃል። ዜማውን አዲስ አልፈጠርንም፣ ከሰፈሩ ከሚታወቀው ቀስ ያለውን ወሰድን። ፈጣን ዜማ ላይ ልጆቹ ቃሉን ይውጡታል፤ «እናትንም ያጡ» የሚለው «እናት ያጡ» ሆኖ ከተሰማችሁ ዜማው ፈጥኗል ማለት ነው፣ ዝግ አድርጉት።

ስለ ዱዓው አንድ ነገር ልበል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች የሚለምኑት አላህን ነው፤ ነቢ ይወደሳሉ፣ ሰለዋት ይወርድላቸዋል። ልጅ ሲገጥም ውዳሴና ልመና ቶሎ ይቀላቀልበታል፤ ስለዚህ «ማንን ነው የምትለምነው?» እያልን እንጠይቃለን። መንዙማን በተመለከተ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ሐሳብ የላቸውም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ጽሑፉን ልጆቹ ከማዜማቸው በፊት ኡስታዙ አንብበውታል፣ ወላጆችም ወረቀቱን ቤት ወስደው አይተውታል። ድቤ አላስገባንም፣ ጭብጨባም ለመቁጠር ብቻ ነው። ሁለት አባቶች ልጆቻቸው ግጥሙን እንዲያነቡት እንጂ እንዳያዜሙት ፈለጉ፤ እነዚያ ልጆች በንባብ ይሉታል፣ ልኩ ስላለው በንባብም ያምራል።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ወሰደ። በመጀመሪያው ታሪኩን ሰምተው በራሳቸው አፍ መልሰው ነገሩኝ፤ ይህ ሳይሆን ወደ ግጥም መግባት ድካም ነው። በሁለተኛው ገጠምን። በሦስተኛው ዜማው ላይ አስቀመጥነው። የፈጀነው ጠመኔና አንድ ትልቅ ወረቀት ነው። ጀማሪዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ በቃል ያዙት፤ ትልልቆቹ በፊደል ጻፉት፤ ሁለት ሴት ልጆች ደግሞ እንደ ድሮዎቹ ሸሆች በዐረብ ፊደል ካልጻፍነው ብለው አሁንም «ጰ»ንና «ጨ»ን በምን እንጻፍ እያሉ ይከራከራሉ። እዚህ ግጥም ውስጥ «ጰ» የለም፤ «ጨ» ግን «ጨለማ» ላይ ስላለች መላ ይፈልጉላታል።

የሚቀጥለው ስለ ነጃሺ ይሁን ብለዋል። ታሪኩን በመጪው ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ፤ ከእናንተ በደንብ የምታውቀው ካለች መጥታ ብትነግርልኝ ደስ ይለኛል።