አንድ የመሰለኝ ዘፈን ሁለት ነበር



ደባት ለቲቲፒ አብረን የወጣን ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ በሕይወት የሌለችው ጓደኛችን ማታ ማታ ታንጎራጉርልን ነበር። ለዛሬው ዝግጅት «ዘፈኗን ፈልጊልን» ተባልሁ። በእኔ ትዝታ ዘፈኑ ቀስ ያለ፣ መሲንቆ ያለበት፣ ሰው በጭብጨባ የሚቀበለው አዝማች ያለው ነው። አንድ ወር ሙሉ ፈለግሁ፤ የለም። ለካ ሁለት ዘፈን አንድ አድርጌ ይዤ ኖሯል!

አእምሯችን ዜማውን፣ ቃሉንና ቦታውን እንደ ካሴት አንድ ላይ አይቀዳም። ባስታወስን ቁጥር ቁርጥራጩን እየገጣጠምን የጎደለውን ከሚመስለው እንሞላለን። የእኛ ዘፈን ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ብዙው ስንኛችን 12 ቀለም ነው፤ 6 ላይ ያርፍና በ6 ይጨርሳል። ስለዚህ የአንዱ ግጥም በሌላው ዜማ ላይ ልክክ ይላል፤ አዝማሪዎችም አውቀው ያዛውሩታል። አዝማች ግን ከዘፈኑ ብዙም አይለይም። እናም ፍለጋ ላይ ከስንኙ ይልቅ አዝማቹን ማመን ይሻላል።

ፍለጋውን አቁሜ፣ ምንም ሳልሰማ ወረቀት ያዝሁ። መስማት ከተጀመረ አዲሱ ዜማ አሮጌውን ይሸፍነዋልና። ዜማ፣ ቃል፣ መሣሪያ፣ ድምፅ፣ ቦታ፣ ወቅት ብዬ ለየብቻ ጻፍሁ። በየአንዳንዱ አጠገብ «ሰምቻለሁ» ወይም «ይመስለኛል» አልሁ። ያኔ ተጋጨ። ከዜማው ጋር የሚመጣብኝ የሐምሌ ዝናብ፣ ጋቢና ኩራዝ ነው። ከአዝማቹ ጋር የሚመጣው ደግሞ ጎንደር ከተማ፣ ጥምቀት ያለፈበት የጥር ሠርግ ነው። አጨብጭቤም ሞከርሁ፤ አዝማቹ ያለ ጭብጨባ አይሄድም፣ ዜማው ደግሞ ጭብጨባ አይቀበልም።

ከዚያ አብራን ለነበረች ባልደረባዬ ደወልሁ። «መሲንቆ ነበረው አይደል?» ብላት ኖሮ «አዎ» ትለኝ ነበር። በሽተኛ ሲጠየቅም እንዲሁ ነው፤ መልሱን ከጥያቄው ውስጥ ያገኘዋል። «እስኪ የምታስታውሽውን አንጎራጉሪልኝ» ብቻ አልኋት። ዜማውን ያለ ቃል አንጎራጎረችልኝ። «ቃል መች ነበረው? እሷ እኮ እንዲሁ ነበር የምታዜመው» አለችኝ። መሲንቆውም ከሠርጉ የመጣ ነበር።

የሚጋጭ ሁሉ ግን ሁለት ዘፈን ነው ማለት አይደለም፤ አዝማሪ ራሱ አዋህዶ ዘፍኖት ሊሆን ይችላል። ሳይነጋገሩ ለየብቻ የተጠየቁ ሁለት ሰዎች ያንኑ ቃል ከዚያው ዜማ ጋር ካመጡት፣ ያኔ አንድ ነው።

የሠርጉን ዘፈን በአዝማቹ ፈልጌ በአንድ ቀን አገኘሁት። ግን የእሷ አይደለም፤ ዛሬ አናሰማውም። የእሷ ዜማ የትም አልተቀዳ ይሆናል። ስለዚህ የደባት ልጆች ከምሳ በፊት ሳትነጋገሩ አንድ አንዳችሁ በስልኬ አንጎራጉሩልኝ፤ ከዚያ አንድ ላይ እንሰማዋለን።