ስለ «ክፈት» እና ስለ «ክፈች»

በአጣዬ አንዲት እናት ወንድ ልጇን «በሩን ክፈት»፣ ሴት ልጇን «በሩን ክፈች» ብትል፣ ትእዛዞቹን የሚለየው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ይህ «ች» ከየት መጣ?

መነሻው «ክፈት» ነው። የሴት ምልክት የሆነችው «ኢ» ስትጨመርበት «ክፈቲ» ይሆናል፤ ይህ ግን በአፍ አይነገርም። «ኢ» የምትነገረው ምላስ ወደ ላንቃ ከፍ ብሎ ነውና፣ ከጥርስ ሥር የሚነገረውን «ት»ን ወደዚያው ስባ «ክፈቺ» ታሰኛለች። በመጨረሻም «ኢ» ራሷ ልትወድቅ ትችላለች፤ «ክፈች» ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ «ኢ» አስቀድማ ብትወድቅ ኖሮ፣ «ት»ን የሚለውጥ አይገኝም፤ ሴቲቱም እንደ ወንድሟ «ክፈት» ትባል ነበር።

በዚሁ መንገድ «ውሰድ» «ውሰጂ»፣ «ልበስ» «ልበሺ»፣ «ለምን» «ለምኚ» ይሆናሉ፤ «ክፈል» እንኳ «ክፈዪ» ይባላል። «ስበር» ግን «ስበሪ» ነው። «ር» አይለወጥምና «ኢ» ብትወድቅ የሴትነቱ ምልክት ጨርሶ ይጠፋል፤ ስለዚህ ትቆያለች። ከግስ የሚወጣው የአድራጊ ስም ይህንኑ ያሳያል፤ «ከፋች» ያለ «ኢ»፣ «ሰባሪ» ከነ«ኢ» ነው።

ቅድም «ሴቲቱ» ማለቴን ያስተዋለ አድማጭ «ሴቺቱ» ለምን አልተባለም ይል ይሆናል። ያቺ «ኢ» ከስም ላይ የምትቀጠል እንጂ የግስ አይደለችምና፣ «ት»ን ሳትነካ ታልፋለች።