ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት

(የመግቢያ ሙዚቃ፣ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በአገራችን የጎልማሶች ትምህርት «ተግባር ተኮር» ይባላል። ታዲያ ዓለም ባንክ ሰፈር ውስጥ፣ ሲሸከሙና ሲቸረችሩ ለዋሉ ሰዎች ማታ አንድ ሰዓት የሚጀምር ክፍል አለ እንበል። ትምህርቱ እንዴት ይዘጋጅ?

የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ለክለሳ ብቻ ይሁን። ታክሲ ያዘገየው ሰው ሲደርስ አዲስ ነገር አያመልጠውም።

ቀጥሎ ከታክሲ ታፔላ አንድ ጽሑፍ ውሰዱ፦ «አየር ጤና»። አምስቱን ፊደላት በየካርቶኑ ጻፉ፦ አ፣ የ፣ ር፣ ጤ፣ ና። ተማሪዎቹ ራሳቸው ያገጣጥሟቸው። «አየ» ይወጣል፤ «ና» ደግሞ ብቻውን ቃል ነው። የ«ረ»ን ሰባት ቤት ዛሬ ተዉት። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ማስዘመር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለደከመ ሰው እሹሩሩ ነው።

መጨረሻ ላይ «ጤና ጣቢያ» ብላችሁ ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ቃል ጠይቁ። «አየር ጤና» የሚል ካለ፣ የያዘው የታፔላውን መልክ እንጂ ፊደሉን አይደለም። በሚቀጥለው ክለሳ ወደ ካርቶኖቹ ይመለስ።

በአንድ ምሽት ከአንድ ጽሑፍ አትለፉ፤ ሥራ ያስቀረው ሰው የሚያጣው ያንኑ ብቻ ነው። አስተማሪዎች ሆይ፣ የቤት ሥራውም ደብተር አይጠይቅ፤ ተማሪዎቹ ነገ ታክሲ ሲጠብቁ «ጤ»ን ከታፔላ ላይ ይፈልጉ።